ካሞማይል ሻይ እና የአበባው ዘመዶች

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ቅሬ አባላት ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ በመድኃኒት ባለሙያነት በምሠራበት ቤት ባንኮኒ ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። «ካሞማይል ለእንቅልፍ ጥሩ ነው አሉኝ፤ ለሆድም ይሆናል ይላሉ፤ ልጠጣው ወይ?» ይሉኛል። እኔም «ይጠጡ» ወይም «አይጠጡ» ከማለቴ በፊት «ቅንጨ አረም ሲያብብ ምን ይሰማዎታል?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ይስቃል፤ ስለ ሻይ ጠይቆ ስለ አረም ሲጠየቅ ነገሩ የተምታታብኝ ይመስለዋል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት ልበል። ካሞማይል ቁመቱ ከጉልበት ብዙም የማያልፍ፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ አበባው በመካከል ቢጫ ጉብታ፣ በዙሪያው ደግሞ ነጭ የአበባ ቅጠሎች ያሉት ተክል ነው። ከቤሩትና ከጅዳ የተመለሱ ልጆቻችን «ባቡነጅ» እያሉ የሚያመጡትም ይኸው ነው። የጀርመንና የሮማ ተብለው የሚጠሩ ሁለት ዓይነቶች ሲኖሩ በሻይ መልክ ታሽጎ የሚሸጠው በአብዛኛው የጀርመኑ ነው።

ስለ አበባው አሠራር አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን ነገር በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። ቢጫው ጉብታ በቅርብ ቢታይ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአበባ ብናኝ ያላቸው እጅግ ጥቃቅን አበቦች ተጨናንቀው የቆሙበት ነው። አደይ አበባም፣ ኑግም፣ የሱፍ አበባም የተሠሩት በዚሁ መልክ ስለሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት በአንድ ቤተሰብ ያኖሯቸዋል። እንግዲህ የሻይ ቅጠል ስናፈላ የምንጠጣው የቅጠል ውሃ ነው፤ ጦስኝ ስናፈላም በአብዛኛው ቅጠልና ለጋ ቀንበጥ ነው። ካሞማይል ስናፈላ ግን ውሃው ውስጥ የምንጨምረው አበባውን ከነብናኙ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልግባ። በእኔ አመለካከት ካሞማይል ከሚወራለት ያነሰ፣ ከሚናቀው ደግሞ የበለጠ ነው። ለሆድ የሚሰጠው እፎይታ የተሻለ መሠረት አለው። በአበባው ውስጥ ያሉት ዘይቶችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የአንጀትን ጡንቻ መኮማተር የማላላት ጠባይ አላቸው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም የረጅም ዘመን ልማዳዊ አጠቃቀሙን መሠረት አድርጎ ለሆድ መነፋትና ለቀላል ቁርጠት መጠጣቱን ተቀብሎታል። ምግብ ከብዶት ሆዱ ለተነፋ፣ ወይም ጭንቀት በሆዱ ለሚታወቅበት ሰው አንድ ብርጭቆ ሙቅ ካሞማይል እፎይታ ቢሰጠው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ጥቁር ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት ያለበት የሆድ ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ እነዚህ የሻይ ጉዳዮች አይደሉም። ተቅማጥ ለያዘው ሰውም ካሞማይል የኦ አር ኤስን ቦታ አይተካም፤ ተቅማጥ የሚወስደውን ጨው የሚመልስ ነገር በሻዩ ውስጥ የለምና።

እንቅልፍን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። አሁን በጠቀስኩት የአውሮፓ ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ የጀርመኑ ካሞማይል አበባ ለእንቅልፍ ተብሎ አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ያለባቸው 34 ሰዎች ተከፍለው ገሚሱ የካሞማይል እንክብል፣ ገሚሱ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ እንክብል ለ28 ቀናት ወሰዱ፤ በተኙበት የጊዜ ርዝመት በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የታይዋን ጥናት ደግሞ በቅርብ የወለዱና በደንብ መተኛት ያቃታቸው 80 እናቶችን ተከታትሎ ነበር። ለሁለት ሳምንት ሻዩን የጠጡት እናቶች በዚያው ሰሞን ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘው ችግራቸው ቀለል አለላቸው፤ መጠጣቱን ካቆሙ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ሲጠየቁ ግን ከሌሎቹ እናቶች ልዩነት አልነበራቸውም። ስለዚህ ካሞማይል ማታ ላይ ሰውነትን ለማረጋጋት ይረዳ ይሆናል፤ ለወራት የዘለቀ የእንቅልፍ እጦትን ያድናል ብዬ ግን ለማንም አልሸጥም።

እዚህ ላይ አንድ የመንደራችንን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በምሽት ተቀምጠን አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ከጠጣን በኋላ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለን በላዩ ላይ ካሞማይል የምናፈላ ብዙዎች ነን። የቡናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት እንኳ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሹ አለ ማለት ነው፤ ካሞማይል ይህን አሸንፎ ሊያስተኛን አይችልም።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ለአንድ የሻይ ብርጭቆ፣ ማለትም ለ150 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ 3 ግራም የደረቀ አበባ ይበቃል፤ ይህም ተከምሮ የተሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። አበባውን እንደ ሻይ ቅጠል ከውሃው ጋር በማንቆርቆሪያ ጥዶ ማንተክተክ አይገባም። ውሃው ከፈላ በኋላ በአበባው ላይ ይፈስስና ብርጭቆው ወይም በራዱ ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ክዳኑ የሚያስፈልገው ለሆድ የሚጠቅመው መዓዛማ ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ በማጥለያ አጥልሎ መጠጣት ነው።

ይህን ያህል ካልኩ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የምተርክላችሁ ታሪክ የአንዲት እናት ነው፤ ለእናንተ እንድነግር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ዕድሜያቸው በአርባዎቹ ውስጥ ሲሆን ከሐርቡ ወገን ማሽላ የሚያርሱ ናቸው። በየክረምቱ ማሳውን ሲያርሙ የዓይናቸው ቆብ፣ አንገታቸውና ክንዳቸው ያሳክካቸዋል፤ ቆዳቸውም ይሻክራል፣ ይጠቁራል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ማስነጠስ ይጀምራቸዋል፤ አንዳንድ ሌሊት ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ይህን ሁሉ «የዘመን መለወጫ ጉንፋን» ብለው ነበር የሚያልፉት።

ባለፈው ጥቅምት ልጃቸው ከዓረብ አገር ስትመለስ አንድ ከረጢት ባቡነጅ አመጣችላቸው። እርሳቸውም እንቅልፍ ስላስቸገራቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ማንኪያ አበባ በአንድ ብርጭቆ አፍልተው፣ ማር ጨምረውበት ጠጡ። ግማሽ ያህሉን እንደጠጡ ላንቃቸውን በላቸው፤ ከዚያም ከንፈራቸው ወፈረ። ትንሽ ቆይቶ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። እዚህ ላይ የሠሩት ስህተት ብዙ ሰው የሚሠራው ነው፤ ቁርጠቱን «መድኃኒቱ ሆዴን እየሠራልኝ ነው» ብለው ተረጐሙትና የቀረውን ጨለጡት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ደረታቸውና ጀርባቸው እንደ ሳማ በተነሣ ሽፍታ ተሞላ፤ ድምፃቸው ሻከረ፤ አስመለሳቸው፤ ሊነሡ ሲሉ ዓይናቸው ጨለመ። ጎረቤት ተጠራርቶ በባጃጅ ወደ ሕክምና አደረሳቸው፤ አድሬናሊን ጭናቸው ላይ እንደተወጉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሻቸው ተከፈተ፤ ሌሊቱንም እዚያው አደሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከረጢቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ጥያቄያቸው «የተበላሸ ይሆን?» የሚል ነበር። እኔም አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። የማብቂያ ጊዜው አላለፈም፤ ሻጋታ የለበትም፤ ሽታው ጥሩ፣ ወደ ፖም ሽታ የሚጠጋ ነው። ከዚያ አንዱን አበባ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰነጠቅሁት። እውነተኛው የጀርመን ካሞማይል ቢጫው ጉብታ ውስጡ ባዶ ነው፤ ካሞማይል የሚመስሉ ሌሎች አበቦች ግን ውስጣቸው ድፍን ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሽታቸው የሚከረፋና ቆዳን ክፉኛ የሚያስቆጡ ናቸው። የእኒህ እናት አበባ ውስጡ ባዶ ነበር፤ እውነተኛ ካሞማይል ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ማሩን ጠረጠርኩ፤ የመስከረምና የጥቅምት ማር የአደይና የኑግ ብናኝ ስለሚገኝበት ለእነዚህ አበቦች የሚቆጣ ሰው በማርም ሊታመም ይችላልና። ነገር ግን ያንኑ ማር በዚያው ዕለት ጠዋት በዳቦ በልተውት ምንም አልሆኑም። እራታቸው ዘወትር የሚበሉት ሽሮ ነበር። የራስ ምታት ወይም ሌላ ክኒን አልዋጡም፤ ነፍሳትም አልነደፋቸውም። የቀረው ከዚያ ቀን በፊት ቀምሰውት የማያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሻዩ።

ይህ አካሄድ ጥርጣሬን ወደ አንድ ቦታ ያጠብባል እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የአለርጂ ሐኪም በቆዳ ላይ ጠብታ አድርጎ በመርፌ ጫፍ በመጫር የሚሠራው ምርመራ ነው፤ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ዝግጅት ባለበት ቦታ ብቻ ይደረጋል። እንደገና ትንሽ ቀምሶ ማረጋገጥን ግን ለእርሳቸውም ከለከልኩ፤ ለማንም እከለክላለሁ። «ነገር ግን ቀምሼው አላውቅም፤ ያልለመድኩት ነገር እንዴት በመጀመሪያው ብርጭቆ ይጣላኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አለርጂ የሚመጣው ሰውነት አስቀድሞ ካወቀው ነገር ነውና።

መልሱ ያለው በዘመዶቹ ውስጥ ነው። የእኒህ እናት ሰውነት ካሞማይልን አያውቅም፤ የካሞማይልን ቤተሰብ ግን ለዓመታት በማሽላው ማሳ ውስጥ ሲተነፍስ ኖሯል። ቅንጨ አረም ከካሞማይል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ የሚታመን ሲሆን፣ ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ቀጥሎ በስፋት ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ የደሴ አካባቢ ነው። ዛሬ ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ከሚሴ በመንገዱ ዳርና በማሳው ውስጥ ያላየው የለም። ሰውነት የአንዱን ዘመድ ብናኝ እንደ ጠላት መዝግቦ ከያዘ፣ መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ዘመድ ሲገባበትም ያንኑ ጠላት ያገኘ መስሎት ሊነሣ ይችላል። የበደለኝ ሰው መስሎኝ ከወንድሙ ጋር እንደመጣላት ያለ ነው።

ይህ በእኛ ሰፈር ግምት ብቻ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከስፔን በታተመ የሕክምና ዘገባ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ካሞማይል ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ በከባድ አለርጂ ተጠቃ። ልጁ አስቀድሞ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ነበረበት፤ ከሚያስቆጡት ብናኞች አንዱም የእኛ አሪቲና ጭቁኝ የቅርብ ዘመድ የሆነ የአርጤሚሲያ ተክል ነበር። ምርመራ ሲደረግለት ቆዳው ለካሞማይሉም፣ ለአርጤሚሲያውም ብናኝ ተቆጣ። ልብ በሉ፤ ሻዩ በፈላ ውሃ የተዘጋጀ ነበር። «ከፈላ ምን ያደርጋል» የምንለው ለጀርም እንጂ ለዚህ አይሠራም።

እንግዲህ ዘመዶቹን በስማቸው እንወቃቸው። አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ግራዋ፣ አሪቲ፣ ጭቁኝ፣ ቅንጨ፣ የምንበላው ሰላጣ ሳይቀር የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ዳማ ከሴና ዝንጅብል ግን የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። ከዘመዶቹም ውስጥ ሁሉም እኩል አይደሉም። አደይ አበባ ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ፣ በንብ የሚጓጓዝ ስለሆነ በነፋስ ብዙ አይበርም፤ የሚያስቸግረው የሚቆርጡትንና የሚታቀፉትን ነው። የአርጤሚሲያና የቅንጨ ብናኝ ግን በነፋስ ይሄዳል። በዚያ ላይ በመስከረም የሚያስነጥሰን ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ጥፋት አይደለም፤ በዚያው ሰሞን ሣሩም ያብባልና፣ በሣር ብናኝ ብቻ የሚያስነጥሰው ሰው ካሞማይልን ያለ ችግር ሊጠጣ ይችላል። ለዚህ ነው «መስከረም ላይ ያስነጥስዎታል?» ብቻ ብዬ የማልተወው። ቅንጨ ሲነቅሉ፣ ግራዋ ቀጥፈው ጋን ሲያጥቡ፣ አሪቲ ሲይዙ፣ የኑግ ወይም የሱፍ ማሳ ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሰማቸው ለይቼ እጠይቃለሁ፤ ለእነዚህ «ያሳክከኛል፣ ያፍነኛል» ያለኝ ሰው ካሞማይሉን መደርደሪያ ላይ ትቶት ይሄዳል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገርም አለ፤ የቆዳውና የትንፋሹ ነገር ሁለት የተለያዩ ቁጣዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፈጣኑ ነው፤ ከብናኙ ፕሮቲን የሚመጣ ሆኖ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያሳያል። የላንቃና የጆሮ ውስጥ ማሳከክ፣ የከንፈርና የዓይን ቆብ እብጠት፣ እየተነሣ ቦታ የሚቀያይር ሽፍታ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ቁርጠትና ትውከት ምልክቶቹ ናቸው። ሁለተኛው ዘገምተኛው ነው፤ ከቅጠሉና ከአበባው በሚወጡ ሌሎች ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ሲሆን፣ ቆዳ ከነካው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ እንደ ችፌ ያለ የሚያሳክክ፣ ውሃ የሚቋጥር፣ ኋላም የሚሻክር ቁስል ያወጣል። የቅንጨ የክንድና የአንገት ሕመም በአብዛኛው ይህኛው ነው። ዘገምተኛው ብቻ ያለበት ሰው በሻዩ የግድ ይታፈናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የካሞማይል ቅባትና ሳሙና ቆዳውን ሊያባብስበት ይችላል፤ ሻዩም የቆየ ችፌውን ሊቀሰቅስበት ይችላል። እኒያ እናት ሁለቱንም ይዘው ነበር፤ ክንዳቸው ዘገምተኛውን፣ የመስከረም ማስነጠሳቸውና የደረታቸው ሲርታ ፈጣኑን ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

በዚህ ምክንያት «ክንዴ ላይ ትንሽ ቀብቼ ልሞክረው» የሚለውን ዘዴ አልመክርም። ቆዳ ላይ ተቀብቶ በአምስት ደቂቃ ምንም ያላደረገ ነገር ዘገምተኛውን ቁጣ ሊያመጣ ቀናት ይቀሩታል፤ ሲጠጣ ደግሞ ፈጣኑን ሊያመጣ ይችላል። የእንዲህ ዓይነት ሙከራ ዝምታ ምንም አይነግረንም።

ከዘመዶቹ ጋር ጠብ የሌለው፣ አስምም የሌለበት ሰው ግን መጠጣት ቢፈልግ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ማታ ከመተኛቱ በፊት እንዳይጠጣው እለምናለሁ። ለእንቅልፍ የሚጠጣ ነገር ስለሆነ ሰው ጠጥቶ መብራት አጥፍቶ ይተኛል፤ ምልክቱ ሲጀምር ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፣ መጓጓዣም የለም። የመጀመሪያው ብርጭቆ ቀጠን ተደርጎ ግማሽ ያህሉ በቀን፣ ሰው ባለበት ይጠጣ። በዚያው ዕለት ሌላ አዲስ ነገር አይቀላቀልበት፤ ማርም ቢሆን ቢቀር ይሻላል፤ አንድ ነገር ቢከሰት ጥፋተኛውን ለመለየት ያስቸግራልና። «የዕፅዋት ሻይ» ተብለው በድብልቅ የሚሸጡትንም ከረጢታቸውን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ «ካሞሚል»፣ «ማትሪካሪያ» ወይም «ባቡነጅ» የሚል ካለበት ያው እርሱ ነው።

ክፉው ቢመጣስ? ላንቃ ሲበላ ወዲያው መትፋትና መተው ነው። ሽፍታው ከትንፋሽ መቸገር፣ ከድምፅ መሻከር፣ ከተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከራስ መዞር ጋር ከመጣ በቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወደ ቅርቡ ሕክምና መድረስ ያስፈልጋል። ሰውየው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካስቸገረው ተደግፎ ይቀመጥ፤ ቆሞ እንዲራመድ ግን አታድርጉት፤ የደም ግፊቱ በወደቀበት ሰዓት መቆም ልብን ደም ያሳጣታል። እዚያም የሚያድነው በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ከእኔ ቤት የሚገዛው የአለርጂ ክኒን ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሳል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም፤ ስለዚህ ክኒኑን ውጦ «እስኪ ልየው» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። እፎይታ ከተገኘ በኋላም ቁጣው ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል ሐኪሙ «ይቆዩ» ሲል መቆየት ያስፈልጋል።

ከንግግሬ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ ጨምሬያለሁ።

አንዲት እናት ሆዱን ለሚቆርጠው የሦስት ወር የልጅ ልጃቸው በማር አጣፍጠው ቢሰጡት እንደሆነ ጠየቁኝ። እማማ፣ አይሆንም አልኳቸው። እስከ ስድስት ወር ሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት ብቻ ነው፤ ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ የተከለከለ ነው፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ተህዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫልና። ይኸው ተህዋስ በደረቀ የካሞማይል አበባም ላይ ተገኝቶ ያውቃል።

አንድ አባት ልባቸውን ታመው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ ነገሩኝ። አባባ፣ እርስዎ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጠጡት ነው ያልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከካናዳ በወጣ ዘገባ ዋርፋሪን ይወስዱ የነበሩ አንዲት የ70 ዓመት ሴት ካሞማይል ሻይና የካሞማይል ቅባት አብዝተው ከተጠቀሙ በኋላ በሰውነታቸው ውስጥ ደም ፈስሷቸው ነበር። ሆድዎን ሲነፋዎት ምን እንደሚጠጡም የሚያውቁት የደምዎን ምርመራ የሚከታተሉት ሐኪም ናቸው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ አንዲት ወጣት ነበረች። አደይ አበባ ስትለቅም ፊቷ እንደሚያብጥ ከነገረችኝ በኋላ «ሻዩን አልጠጣውም፤ ግን ዓይኔ ሲቀላ በቀዝቃዛው ብታጠብበትስ? አልውጠው» አለች። እህቴ፣ ዓይን ከሆድ ይልቅ ለብናኝ የተጋለጠ ነው። በዚያው በስፔን እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ሌላ ዘገባ የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው 7 ሰዎች ዓይናቸውን በካሞማይል ሻይ ታጥበው ዓይናቸው በአለርጂ ተቆጥቶባቸዋል። በአፍንጫ ለመታጠንም ያው ነው፤ እንፋሎቱን የምትስቢው የተቆጣ አፍንጫሽ ላይ ነው። ቀይ ዓይንሽን አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ንጹሕ ውሃ ታጠቢው፤ በሁለት ቀን ካልተሻለሽ ወይም ብርሃን ማየት ካስቸገረሽ ለሐኪም አሳዪው።